ስለ መንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል፣ ደረጃና እርከን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በምሳሌዎቹ ያሉት የደመወዝ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ እንጂ የየትኛውም አገር ስኬል አይደሉም።

ደረጃ እና እርከን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ደረጃ የሚሰጠው ለሥራ መደቡ ነው። ሥራው ምን ያህል ዕውቀት፣ ኃላፊነትና ውሳኔ እንደሚጠይቅ ተመዝኖ ከደረጃዎቹ በአንዱ ላይ ይቀመጣል። በመደቡ ላይ የተቀመጠው ሰው ጎበዝም ሆነ ደካማ፣ አዲስም ሆነ ነባር፣ የመደቡ ደረጃ አይለወጥም። እርከን ግን የሰውየው ነው። በዚያው ደረጃ ውስጥ ሠራተኛው ያለበትን ቦታ ያሳያል፤ ጊዜ ሲሞላና የሥራ አፈጻጸሙ ሲያበቃው አንድ እርከን ወደ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ ወደ ላይ የሚወሰድ መንገድ ሁለት ነው። በእርከን መውጣት ያንኑ ሥራ እየሠሩ ደመወዝ መጨመር ነው። በደረጃ መውጣት ግን ሥራው ራሱ ሲቀየር፣ ማለትም ሠራተኛው ከፍ ያለ መደብ ተወዳድሮ ሲያገኝ ወይም መደቡ እንደገና ተመዝኖ ከፍ ሲል የሚመጣ ነው። አገልግሎት ስለረዘመ ብቻ ደረጃ ይጨመራል ብሎ መጠበቅ ብዙ ቅሬታ የሚያስነሳ የተሳሳተ ግምት ነው።

ሠንጠረዡ እንዴት ነው የሚነበበው?

ቁልቁል እርከኖቹ፣ አግድም ደረጃዎቹ ይቀመጣሉ (ወይም በተገላቢጦሽ)፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን የወር ደመወዙ ነው። ከዚህ በታች ለሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ትንሽ ሠንጠረዥ እንጠቀማለን፦

| እርከን | ደረጃ 6 | ደረጃ 7 |
|---|---|---|
| 1 (መነሻ) | 8,000 | 9,000 |
| 2 | 8,300 | 9,350 |
| 3 | 8,600 | 9,700 |
| 4 | 8,900 | 10,050 |
| 5 | 9,200 | 10,400 |
| 6 | 9,500 | 10,750 |
| 7 | 9,800 | 11,100 |
| 8 | 10,100 | 11,450 |
| 9 | 10,400 | 11,800 |
| 10 (ጣሪያ) | 10,700 | 12,150 |

እዚህ ጭማሪው ቁርጥ ያለ ገንዘብ ነው፤ በደረጃ 6 በየእርከኑ 300 ይጨመራል። ገንዘቡ አንድ ዓይነት ቢሆንም ክብደቱ አንድ አይደለም። 8,000 ላይ 300 ሲጨመር 3.75 በመቶ ነው፤ 10,400 ላይ ሲጨመር ግን 2.9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጭማሪው በመቶኛ የተሠራባቸው ስኬሎችም አሉ። ለምሳሌ የህንድ ማዕከላዊ መንግሥት በየእርከኑ 3 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በዚያ አሠራር ገንዘቡ እያደገ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አንዳንዱ ሠንጠረዥ መነሻውን ለብቻው አስቀምጦ እርከን 1ን ከመነሻው ቀጥሎ ይጀምራል። ሌላው እንደዚህኛው መነሻውን ራሱን እርከን 1 ይለዋል። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ «እርከን 4» የሚለው ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ሳጥኖችን ሊያመለክት ስለሚችል፣ በዝውውር ደብዳቤ ላይ የእርከኑ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የደመወዙ መጠንም በአኃዝ መጻፍ አለበት።

የእርከን ጭማሪ በየዓመቱ በራሱ ይመጣል?

ሁልጊዜ አይደለም። በአብዛኛው ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ የተወሰነው የቆይታ ጊዜ መሙላት እና የሥራ አፈጻጸም ውጤት ቢያንስ አጥጋቢ መሆን። የቆይታ ጊዜውም በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ጂ ኤስ የሚባለው ስኬል 15 ደረጃዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ 10 እርከኖች አሉት። ከእርከን 1 እስከ 4 ለመድረስ ለእያንዳንዱ እርከን አንድ ዓመት ይጠበቃል፤ ከ4 እስከ 7 ሁለት ሁለት ዓመት፤ ከ7 እስከ 10 ሦስት ሦስት ዓመት። ሲደመር ከመነሻ እስከ ጣሪያ 18 ዓመት ነው። «ዓመታዊ ጭማሪ» ተብሎ የሚጠራው ነገር በዚያ ስኬል በትክክል ዓመታዊ የሚሆነው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት እርከኖች ብቻ ነው።

ስለዚህ በራስዎ ደንብ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለገው «ስንት ይጨመራል» የሚለው አይደለም፤ «ከዚህኛው እርከን ወደሚቀጥለው ስንት ጊዜ ይጠበቃል» የሚለው ነው።

ጊዜው ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል? ያለ ደመወዝ ፈቃድስ ይቀንስብኛል?

ሁለት አሠራር አለ። አንደኛው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ጊዜ ከተቀጠረበት ወይም መጨረሻ ጭማሪ ካገኘበት ቀን ይቆጥራል። ሁለተኛው ለሁሉም የጋራ ቀን ይቆርጣል። በህንድ ለምሳሌ የጭማሪ ቀኖቹ ጃንዋሪ 1 እና ጁላይ 1 ናቸው። ከጃንዋሪ 2 እስከ ጁላይ 1 ባለው ጊዜ የተቀጠረ ሰው የመጀመሪያ ጭማሪውን በሚቀጥለው ጃንዋሪ 1 ያገኛል። ጃንዋሪ 2 የገባው አንድ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጁላይ 1 የገባው ደግሞ ስድስት ወር ቆይቶ እኩል ይጨመርላቸዋል ማለት ነው። የጋራ ቀን ለሰው ሀብት ክፍል ሥራ ያቀላል፤ በሠራተኞች መካከል ግን ይህን የመሰለ ልዩነት ይፈጥራል። የተቀጠሩበት ቀን ከድንበሩ በዚህ ወይም በዚያ በኩል መዋሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ያለ ደመወዝ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ቆጠራውን ያቆመዋል፤ ጥቂት ቀናት ግን ይታለፋሉ። በጂ ኤስ ስኬል ለአንድ ዓመቱ ቆይታ 2 የሥራ ሳምንት፣ ለሁለት ዓመቱ 4፣ ለሦስት ዓመቱ 6 የሥራ ሳምንት ያለ ደመወዝ መቅረት የጭማሪ ቀኑን አይነካም። ከዚያ በላይ የሆነው ቀን ግን የጭማሪ ቀኑን በዚያው ልክ ይገፋዋል። ከረጅም ፈቃድ ሲመለሱ አዲሱ የጭማሪ ቀን መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ቀን ከዓመት በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም።

የእርከን ጭማሪ እና የደመወዝ ማስተካከያ አንድ ናቸው?

አይደሉም። በእርከን ጭማሪ ሠንጠረዡ እንዳለ ይቀመጣል፣ ሰውየው ከሳጥን ወደ ሳጥን ይወጣል። በደመወዝ ማስተካከያ ደግሞ ሰውየው እዚያው ሳጥን ውስጥ ይቆያል፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ይለወጣል። መንግሥት ሠንጠረዡን በ5 በመቶ ከፍ ቢያደርግ በደረጃ 6 እርከን 5 ያለ ሠራተኛ ከ9,200 ወደ 9,660 ይሄዳል፤ እርከኑ ግን ያው 5 ነው፤ የሚጠብቀው የእርከን ጭማሪም አልተነካም። በዚያው ዓመት ሁለቱም ሊደርሱት ይችላሉ።

ልዩነቱ የሚጎላው ዋጋ ሲንር ነው። ሠንጠረዡ ለዓመታት ሳይነካ ከቆየ የእርከን ጭማሪው የኑሮ ውድነት ማካካሻ ይመስላል እንጂ የልምድ ዋጋ መሆኑ ይቀራል። ጣሪያ የደረሱት ደግሞ እሱንም አያገኙም።

ጣሪያ ስደርስ ምን ይሆናል?

የእርከን ጭማሪው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ደመወዙ የሚጨምረው ሠንጠረዡ ሲስተካከል ወይም ደረጃ ሲቀየር ብቻ ነው። አንዳንድ አሠራር ከመጨረሻው እርከን በላይ በረጅም አገልግሎት የሚገኝ ተጨማሪ እርከን ያስቀምጣል፤ ካለ በደንቡ ላይ ተለይቶ የተጻፈ ይሆናል።

ከእኔ በታች ደረጃ ያለው ሠራተኛ ከእኔ የበለጠ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

ደረጃዎቹ ተደራራቢ ስለሆኑ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የደረጃ 6 ጣሪያ 10,700 ነው፤ የደረጃ 7 መነሻ 9,000። በደረጃ 6 ለረጅም ጊዜ የሠራ ሰው ትናንት በደረጃ 7 ከተቀጠረ ሰው በላይ ያገኛል። ይህ ስህተት ሳይሆን ታስቦ የተደረገ ነው፤ መደራረቡ ባይኖር ልምድ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ ለማግኘት ሲል ብቻ ከሚችለው ሥራ ወጥቶ ወደ ኃላፊነት መደብ ይሻማ ነበር። ግን መደራረቡ ቀጥሎ ላለው ጥያቄ ምክንያት ይሆናል።

የደረጃ ዕድገት ሳገኝ በየትኛው እርከን ላይ ነው የምመደበው?

የብዙ ሰው ደመወዝ ለዓመታት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው በደረጃ 6 እርከን 5 ላይ 9,200 ያገኛል እንበል። ወደ ደረጃ 7 ሲያድግ መነሻው ላይ ቢቀመጥ ወደ 9,000 ይወርዳል፤ ስለዚህ ምንም ዓይነት ደንብ ያንን አይፈቅድም ማለት ይቻላል። የሚለያዩት ከዚያ በላይ ባለው ነው።

ቀላሉ ደንብ አሁን ከሚያገኘው በላይ ያለውን የመጀመሪያ እርከን ይሰጠዋል። ይህ ደረጃ 7 እርከን 2፣ 9,350 ነው። ጭማሪው 150 ብቻ፣ ከአንድ የእርከን ጭማሪም ያነሰ ነው። ሁለተኛው ደንብ በቀድሞው ደረጃ መጀመሪያ አንድ እርከን ይጨምርለታል፣ 9,500፤ ከዚያ ከዚህ ጋር እኩል ወይም ከዚህ የሚበልጠውን ሳጥን በአዲሱ ደረጃ ይፈልጋል፤ 9,700፣ እርከን 3 ይሆናል። ህንድ የምትሠራው በዚህ ዓይነት ነው። ሦስተኛው በቀድሞው ደረጃ ሁለት እርከን ጨምሮ (9,800) ከዚያ በአዲሱ ደረጃ እኩል ወይም በላይ ያለውን ይይዛል፤ 10,050፣ እርከን 4። የጂ ኤስ ስኬል ደንብ ይህ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዕድገት፣ አንድ ሠንጠረዥ፤ ግን የወር ጭማሪው 150፣ 500 ወይም 850 ሊሆን ይችላል።

የዕድገት ደብዳቤ ሲደርስዎ የእርከኑ ቁጥር ከ5 ወደ 3 መውረዱ አያስደንግጥዎ፤ ይህ የተለመደ ነው። መታየት ያለበት ገንዘቡ በየትኛው ደንብ እንደተሰላ ነው።

ዕድገቱ የመጣው የእርከን ጭማሪዬ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። እጎዳለሁ?

መልሱ ዕድገቱ የእርከን ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምራል ወይስ አያስጀምርም በሚለው ላይ ይመሠረታል። ካላስጀመረ ጉዳት የለም፤ ዛሬ ያድጋሉ፣ ከሁለት ወር በኋላም ጭማሪዎን በአዲሱ ደረጃ ያገኛሉ። በብዙ ቦታ ግን ዕድገት ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምራል፤ በጂ ኤስም እንዲሁ ነው። ያኔ ሊደርስ ሁለት ወር የቀረው ጭማሪ ይጠፋል።

በቀላሉ ደንብ ውጤቱ ያስገርማል። ዛሬ ያደገው ሰው 9,350 ይዞ አንድ ዓመት ይጠብቃል። በዚያው እርከን የነበረውና ያላደገው ባልደረባው ከሁለት ወር በኋላ 9,500 ይሆናል። ለአሥር ወር ያደገው ካላደገው በ150 ያንሳል ማለት ነው።

በሁለተኛው ደንብ እንየው። ዛሬ ያደገ 9,700 ለአሥራ ሁለት ወር፣ በድምሩ 116,400 ያገኛል። የእርከን ጭማሪውን ጠብቆ ከሁለት ወር በኋላ ያደገው ግን ሁለት ወር 9,200 ያገኛል፤ ከዚያ 9,500 ሆኖ፣ ለዕድገቱ አንድ እርከን ተጨምሮለት 9,800፣ በደረጃ 7 ደግሞ 10,050 ላይ ያርፋል። ድምሩ 118,900 ነው፤ በ2,500 ይበልጣል። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ለአሥር ወር አንድ እርከን ይቀድማል፤ ያ 3,500 ነው፤ ጣሪያም አሥር ወር ቀድሞ ይደርሳል።

ይህ ማለት ዕድገትን እምቢ ማለት ይሻላል ማለት አይደለም። መደቡ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ 2,500 ለማትረፍ ደረጃ 7ን ማጣት ትልቅ ኪሳራ ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፦ ዕድገቱን ዛሬ ተቀብሎ የደመወዝ አሰላሉ ብቻ ከጭማሪ ቀኑ ጀምሮ እንዲሆን ደንቡ ይፈቅዳል ወይ? የህንድ ደንብ ይህን ምርጫ ለሠራተኛው ይሰጣል፤ በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ መምረጥ ይጠበቅበታል። ሠራተኛው እስከ ጭማሪ ቀኑ በአዲሱ ደረጃ ቀጥሎ ባለው ሳጥን (በእኛ ሠንጠረዥ 9,350) ይቆይና ከዚያ ወደ 10,050 ይወጣል። ምርጫው ካለ ጊዜው ሳያልፍ ማመልከት ነው፤ ከሌለ ግን የዕድገቱ ተፈጻሚነት ቀን በሁለት ወር እንዲገፋ የቅርብ ኃላፊን መጠየቅ ይቻላል፤ ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት ከሆነ።

የእርከን ጭማሪዬ ተከልክሏል። ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የማጣው?

ክልከላው ሁለት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ደብዳቤውን በጥንቃቄ ያንብቡ። አንደኛው ለጊዜው ብቻ የሚያዝ ነው፤ ዓመቱ ሲያልፍ ሠራተኛው ቢጨመርለት ኖሮ ወደሚደርስበት እርከን ይመለሳል። በእርከን 5 የተያዘ ሰው ከዓመት በኋላ በቀጥታ እርከን 7 ላይ ይሆናል፤ ያጣው 300 በ12 ወር፣ 3,600 ነው። ሁለተኛው ዘላቂ ውጤት ያለው ነው። ከዓመት በኋላ ወደ 6 ብቻ ይወጣል፤ ጣሪያ እስኪደርስ ድረስም አብረውት የነበሩት ባልደረቦቹ በአንድ እርከን እንደቀደሙት ይኖራሉ። ከእርከን 5 እስከ 10 ባለው ጉዞ ይህ አምስት ዓመት ነው፤ በድምሩ 18,000። ጡረታው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ የሚሰላ ከሆነና ሰውየው ጣሪያ ሳይደርስ ከወጣ፣ ጉዳቱ ከሥራ በኋላም ይከተለዋል።

ምክንያቱ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ከሆነ ውሳኔው በጽሑፍ፣ ምን እንደጎደለና ምን ቢሻሻል ጭማሪው እንደሚሰጥ ጠቅሶ መምጣት አለበት። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ አጭር ነው፤ በጂ ኤስ 15 ቀን ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱም ጭማሪውን ከከለከለ በኋላ ቢዘገይ በ52 ሳምንት ውስጥ ጉዳዩን እንደገና ማየት ይኖርበታል።

ማንም አልከለከለኝም፤ ጭማሪው ግን በፔሮል ላይ አልገባም። ምን ላድርግ?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ክፋት ሳይሆን ወረቀት ነው። የአፈጻጸም ውጤቱ በጊዜ ተሞልቶ አልተላከም፣ ወይም የጭማሪ ደብዳቤው በግል ማኅደር ውስጥ ገብቶ ለፋይናንስ ግልባጭ አልደረሰም። ሦስት ነገር ይዘው ይሂዱ፦ መጨረሻ ጭማሪ ያገኙበትን ደብዳቤ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን የአፈጻጸም ውጤቶች፣ እና ጭማሪው መግባት ከነበረበት ወር ወዲህ ያለውን የደመወዝ መክፈያ ወረቀት።

ውዝፉን ራስዎ አስልተው ይሂዱ። ከሦስተኛው ወር መጀመሪያ መከፈል የነበረበት 300 በስምንተኛው ወር ከተጀመረ የአምስት ወር ውዝፍ 1,500 ነው። በዚያ ላይ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከደመወዝ የሚሰላ ከሆነ በእነዚያ ወራት የተከፈለውም ይስተካከላል፤ የጡረታ መዋጮው ልዩነትም በሁለቱም ወገን፣ ከሠራተኛውና ከአሠሪው፣ ገቢ መደረግ አለበት። የሚረሳው ይህ ነው፤ ደመወዙ ተስተካክሎ መዋጮው ሳይስተካከል ይቀራል።

አዲስ ስኬል ሲወጣ የነበረኝ እርከን ይጠፋል?

ሽግግሩ በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ ይወሰናል። እርከን በእርከን ከሆነ ደረጃ 6 እርከን 5 የነበረ ሰው በአዲሱም እርከን 5 ላይ ይሆናል፤ የአገልግሎት ልዩነቱ ይጠበቃል፤ መንግሥት ግን ብዙ ያወጣል። በገንዘብ መጠን ከሆነ አሁን የሚያገኘው ደመወዝ በአዲሱ ሠንጠረዥ ውስጥ እኩል ወይም ቀጥሎ ወደሚገኘው ሳጥን ይገባል።

ችግሩ የሚመጣው በሁለተኛው ነው። የደረጃ 6 አዲስ መነሻ 9,500 ሆነ እንበል። 8,000፣ 8,300፣ 8,600፣ 8,900፣ 9,200 እና 9,500 ያገኙ የነበሩ ሠራተኞች በሙሉ መነሻው ላይ ይገናኛሉ። ትናንት የተቀጠረውና አምስት ጭማሪ ያገኘው እኩል ሆኑ። ለነባሩ ጭማሪው ዜሮ ነው፤ ለአዲሱ 1,500። ይህን ለማቃለል አንዳንድ መንግሥት በአንድ ሳጥን ለተጨናነቁት ነባር ሠራተኞች እንደ ቀድሞ ልዩነታቸው ተጨማሪ እርከን ይሰጣል።

የሽግግር መመሪያ ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚያየው አዲሱን ሠንጠረዥ ነው። ከሠንጠረዡ ይልቅ ፈልገው ሊያነቡ የሚገባው ስለ አመዳደብ የሚናገረውን አንቀጽ ነው፤ በተለይ ሁለት ነገር፦ ከሽግግሩ በፊት የተቆጠረው የእርከን ቆይታ ወደ አዲሱ ስኬል ይሻገራል ወይስ ከዜሮ ይጀምራል፣ እንዲሁም ሽግግሩ የሚሰላው የመጨረሻው ጭማሪ ከተከፈለ በኋላ ነው ወይስ በፊት። ከሽግግሩ ቀን በፊት የተጠራቀመ ያልተከፈለ ጭማሪ ካለዎት ከሽግግሩ በፊት ያስተካክሉት፤ አንዴ በዝቅተኛው ደመወዝ ከተመደቡ በኋላ ማረም ውዝፉን ብቻ ሳይሆን ምደባውንም እንደገና መሥራት ይጠይቃል።